20፣ 40 ወይስ 70 በመቶ? የከተማ መሬት ድርሻ የሚቆጠርበት መንገድ

ከ2009 እስከ 2019 ዓ.ም. እንዲያገለግል የተዘጋጀው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን የከተማዋን መሬት ያካፈለው በቀላል መርሕ ነው፤ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ። እንበልና ፕላኑ አንዲት ካሬ ሜትር ሳትዛነፍ መሬት ላይ ወረደ። ከከተማዋ ስንት እጁ ተገንብቷል ማለት ነው?

የፕላን ባለሙያው 40 በመቶ ይላል። በሳተላይት ምስል የሚሠራው ባለሙያ ወደ 70 በመቶ የሚጠጋ ቁጥር ያመጣል፤ አስፋልቱና ኮብልስቶኑ በእሱ ካርታ ላይ ከቤቱ ጋር አብሮ «የተገነባ» ስለሚባል 40ው ላይ 30 ይደመርበታል። ሦስተኛው ባለሙያ ደግሞ የሚቆጥረው ጣሪያ ብቻ ነው። ለግንባታ ከተሰጠው ቦታ ግማሹ ጣሪያ፣ ግማሹ ግቢ ቢሆን እሱ የሚያገኘው 20 በመቶ ነው። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልተሳሳተም፤ የተለኩት ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሦስቱም ወደ ዜና ሲገቡ «የከተማዋ የተገነባ መሬት» የሚል አንድ ስም ይሰጣቸዋል።

ሦስቱ መንገዶች ለምሳሌ ብቻ የተፈጠሩ አይደሉም። የአውሮፓ የኅዋ ድርጅት በ10 ሜትር ጥራት ያወጣው ወርልድ ከቨር የተባለው የዓለም ካርታ መንገድንና የባቡር ሐዲድን ከሕንጻ ጋር አንድ ላይ ይቆጥራል፤ ፓርክና የስፖርት ሜዳን ግን ከተገነባው መሬት ያወጣል። ከአውሮፓ ኮሚሽን የሚወጣው ሌላው የዓለም የሰፈራ መረጃ በበኩሉ ጣሪያ ያለውን ብቻ ስለሚይዝ መንገድ አይገባበትም። ትርጓሜው አንዳንዴ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ የሆነ ውጤት ያመጣል። በወርልድ ከቨር ትርጓሜ የቆሻሻ መጣያና የድንጋይ ካባ «ባዶ መሬት» ናቸው። በዚህ መሠረት ረጲ ያለው ቆሼ ምንም ሰው ሠራሽ ክምር ቢሆን ከተገነባው መሬት አይደመርም።

ስለዚህ ሪፖርት ሲደርሰን መጀመሪያ መለየት ያለብን የቀረበው የመሬት ሽፋን ነው ወይስ የመሬት አጠቃቀም የሚለውን ነው። ሽፋን ከላይ የሚታየው ነው፤ ሣር፣ ዛፍ፣ ቆርቆሮ፣ አፈር። አጠቃቀም ሰው መሬቱን የሚገለገልበት ነው፤ መኖሪያ፣ ማምለኪያ፣ ጦር ሰፈር፣ እርሻ። በፕላን ላይ የሰፈረው ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ወደፊት ምን ይሁን የሚል ውሳኔ እንጂ ዛሬ ያለውን አይነግረንም። ዳር አገር በሊዝ ተላልፎ በቆርቆሮ የታጠረ፣ ግንባታው ግን ያልተጀመረ አንድ ቦታ እንውሰድ። ሳተላይቱ የሚያየው ሣር ነው። ፕላኑ «ቅይጥ መኖሪያ» ይለዋል። የመሬት አስተዳደሩ መዝገብ «በሊዝ የተላለፈ» ይላል። ሠፈርተኛው በበኩሉ በግ ያግድበታል። ቦታው ያው አንድ ሆኖ፣ ሪፖርቱን የሚያዘጋጀው ሰው በየትኛው መዝገብ እንደተነሣ አረንጓዴም፣ የተገነባም፣ ባዶም ይሆናል።

አረንጓዴ ቦታ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይብሳል። የደብር ግቢ ዛፍ፣ የኤምባሲ ግቢ ዛፍና የጦር ካምፕ ዛፍ ሁሉም በሳተላይት አረንጓዴ ናቸው። ሕዝብ ገብቶ ይቀመጥበታል ወይ ከተባለ ግን መልሱ ይለያያል፤ ደብሩ ለሰው ክፍት ነው፣ ኤምባሲው ዝግ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች አመልካች 11.7.1 የሚጠይቀው ለሕዝብ ክፍት የሆነውን ቦታ ነው፤ የሚካፈለውም ለከተማው አስተዳደራዊ ስፋት ሳይሆን ለተገነባው ክፍል ነው። ስለዚህ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ጨምሮ «አረንጓዴ ሽፋን» ተብሎ የወጣ ቁጥርን በዚህ አመልካች ከተሠራ የሌላ ከተማ ቁጥር ጎን ማስቀመጥ ጤፍን በኩንታል፣ ወተትን በሊትር ለክቶ ማን በለጠ እንደማለት ነው።

ትርጓሜው ጠራ እንበል። ቀጥሎ ያለው ጣጣ ምስሉ የተነሣበት ወር ነው፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ትልቁን ስሕተት የሚያመጣውም እሱ ነው ብለን እናምናለን።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሰማዩ ደመና ነው። ሴንቲኔል-2 የተባሉት ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ ቢያልፉም በእነዚህ ወራት ከተማዋን በሙሉ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ምስል ማግኘት ብርቅ ነው። ባለሙያው ስለዚህ ወደ ጥር ወይም የካቲት ይሄዳል፤ ሰማዩ ጠርቷል፣ ምስሉ ያምራል። ነገር ግን በጥር ገበሬው ጤፉንና ስንዴውን አጭዶ ወደ አውድማ ወስዷል። ማሳው ገለባ የቀረበት ወይም የታረሰ ባዶ አፈር ነው። በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር መረሬ አፈር በምስሉ ላይ አስፋልት ይመስላል፤ ቀላ ያለው አፈር ደግሞ ከዛገ ቆርቆሮ ጋር ይመሳሰላል። የመርካቶን አሮጌ ጣሪያ «ይህ የተገነባ ነው» ብለው ያስተማሩት ፕሮግራም የከተማዋን ዳር ማሳ ሲያይ እሱንም የተገነባ ቢለው አይፈረድበትም። በተቃራኒው በአቃቂ ወንዝ ዳር በመስኖ የሚለማው የአትክልት ማሳ በዚያው በጥር ለምለም ስለሆነ ከእርሻ ይልቅ ወደ ሣር ወይም ወደ አረንጓዴ ቦታ ይገባል። እርሻ በሁለት በኩል ይሸረሸራል ማለት ነው።

መለያው ዘዴ ከባድ አይደለም። አንድን ቦታ በአንድ ቀን ብቻ ከማየት ዓመቱን ሙሉ መከተል ይበቃል። ለዚህ የሚያገለግለው የዕፅዋት ልምላሜ መለኪያ በሴንቲኔል-2 እንዲህ ይሰላል፦

```
NDVI = (B8 - B4) / (B8 + B4)
```

B8 በዓይን የማይታየው ቅርብ ታሕተ ቀይ ብርሃን፣ B4 ቀዩ ብርሃን ነው። ቅጠል የመጀመሪያውን አብዝቶ ስለሚያንጸባርቅ፣ ሁለተኛውንም ስለሚመጥ ቁጥሩ ለምለም ቦታ ላይ ወደ 1 ይጠጋል። የጤፍ ማሳ በመስከረም ከፍ ብሎ በጥር ይወድቃል። ጣሪያ ዓመቱን ሙሉ ዝቅ እንዳለ ነው። ባሕር ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ከፍ እንዳለ ነው። ስለዚህ የመስከረም መጨረሻና የጥር ምስል ጎን ለጎን ሲቀመጡ እርሻው በለውጡ ራሱን ያጋልጣል። ሪፖርቱ የምስሉን ወር ካልጠቀሰ፣ ወይም ከጠቀሰም የአንድ ወር ብቻ ከሆነ፣ የእርሻውን ድርሻ በጥርጣሬ ማየት ተገቢ ነው።

ምስሉ የተሠራበት የነጥብ፣ የፒክስሉም ስፋት ይታሰብ። 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ አንድ ፒክስል 100 ካሬ ሜትር ነው፤ ላንድሳት የተባሉት ሌሎቹ ሳተላይቶች 30 በ30 ደግሞ 900 ካሬ ሜትር። በ900 ካሬ ሜትር ውስጥ በአሮጌ ሠፈር ብዙ ቤትና አንድ ሁለት የአቮካዶ ዛፍ አለ፤ ፒክስሉ ግን አንድ ስም ብቻ ነው የሚሰጠው። የግቢው ዛፍ ይጠፋል፣ እንደ ቀበናና ባንተይቀጡ ባሉ ወንዞች ዳር ያለው ቀጭን አረንጓዴም እንዲሁ ይቆራረጣል።

አሁን ካርታው ተሠርቷል። አብዛኛው ሪፖርት እዚህ ላይ ፒክስል ቆጥሮ በመቶኛ ያወጣና ይዘጋል። ይህ ግን ድምፅ ሰጪን ሳይጠይቁ ምርጫ እንደመቁጠር ነው። ካርታው እንደሚሳሳት እየታወቀ ስሕተቱ ወደ የትኛው በኩል እንደሚያዘነብል አልተጠየቀም። እንዴት እንደሚስተካከል በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ የየትም ከተማ ልኬት አይደሉም፤ ሒሳቡ እንዲቀል የተመረጡ ናቸው።

500 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነች ከተማ አለች። በጥር ምስል የተሠራው ካርታ 270 የተገነባ፣ 110 እርሻ፣ 120 አረንጓዴ ይላል። በመቶኛ 54፣ 22 እና 24 መሆኑ ነው። ዜናው «ከከተማዋ ከግማሽ በላይ ተገንብቷል» ብሎ ወጣ። አሁን ከሦስቱ ክፍሎች ከእያንዳንዳቸው 100 ነጥብ በዕጣ ይወጣና በቅርብ ርቀት ምስል ወይም በአካል ተሄዶ ይታያል። ካርታው የተገነባ ካላቸው 100 ነጥቦች እውነት የተገነቡት 84 ናቸው፤ 13ቱ ማሳ፣ 3ቱ አረንጓዴ ሆነው ተገኙ። እርሻ ከተባሉት ውስጥ 85ቱ እርሻ፣ 5ቱ የተገነባ፣ 10ሩ አረንጓዴ። አረንጓዴ ከተባሉት 80ው አረንጓዴ፣ 12ቱ እርሻ፣ 8ቱ የተገነባ።

የእርሻው እውነተኛ ስፋት ከሦስቱም ክፍሎች ተሰብስቦ ይወጣል፦

```
270 × 0.13 + 110 × 0.85 + 120 × 0.12
= 35.1 + 93.5 + 14.4
= 143.0
```

143 ካሬ ኪሎ ሜትር፤ ከ500ው 28.6 በመቶ። ካርታው ግን 22 ብሎ ነበር። በተመሳሳይ ሒሳብ የተገነባው 241.9፣ ማለትም 48.4 በመቶ ይሆናል፤ አረንጓዴው 115.1፣ ማለትም 23 በመቶ። «ከግማሽ በላይ» የሚለው አርእስት ወደቀ።

እዚህ ላይ ልብ የሚባለው የካርታው አጠቃላይ ትክክለኛነት 83 በመቶ መሆኑ ነው። ይህ በሙያው የሚያሳፍር ቁጥር አይደለም፤ ለማነጻጸር ያህል ወርልድ ከቨር ራሱ ለ2020ው እትሙ 74.4፣ ለ2021ው 76.7 በመቶ ነው ያስመዘገበው፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ። እርሻው በ33 ካሬ ኪሎ ሜትር የተዛነፈው ስሕተቱ አንድ ወገን ስላዘነበለ ነው፤ ማሳ የተገነባ ተብሎ ብዙ ጊዜ ይነበባል፣ የተገነባ ግን ማሳ ተብሎ የሚነበበው ጥቂት ነው። ሁለቱ ስሕተቶች በካሬ ኪሎ ሜትር እኩል ቢሆኑ ኖሮ ይጣፉ ነበር። ስለዚህ «ካርታው 83 በመቶ ትክክል ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ብቻውን ድርሻው ወዴት እንደተዛነፈ አይነግርም። የሚያስፈልገው የተሳሳተው ነገር ምን ተብሎ እንደተሳሳተ የሚያሳየው ሠንጠረዥ ነው።

የናሙናውም ውሱንነት መነገር አለበት። በ300 ነጥብ የተገኘው የእርሻ ድርሻ 95 በመቶ የመተማመኛ ወሰኑ ወደ 4 መቶኛ በላይና 4 መቶኛ በታች ይሄዳል፤ ከ24 እስከ 33 በመቶ ግድም ማለት ነው። ካርታው ያለው 22 ከዚህ ውጪ ስለሆነ ስሕተት መሆኑን በልበ ሙሉነት መናገር ይቻላል። የተገነባው ግን ከ44 እስከ 53 ግድም ነው። ከግማሽ በላይ ነው ማለት ቀርቶ ከግማሽ በታች ነው ለማለትም በዚህ ናሙና አይደፈርም። ለዚያ ነጥቡን ማብዛት ያስፈልጋል፤ ስፋቱን በግማሽ ለማጥበብ 4 እጥፍ ነጥብ ይጠይቃል፣ ያም የሰው ጉልበትና ቀን ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ላዕሉ ነው። ታህቱስ?

የአዲስ አበባ ስፋት በሪፖርቶች 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ተብሎም፣ 540 ተብሎም ይጠቀሳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን «25 በመቶ አረንጓዴ» ሲባል በአንዱ 131.75፣ በሌላው 135 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ በመካከላቸው 325 ሄክታር ይጠፋል ወይም ይገኛል። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ጠቅላላ ስፋት 700 ሄክታር ግድም መሆኑን ለሚያውቅ ይህ ምን ያህል እንደሆነ ግልጽ ነው።

የወሰኑ ጉዳይ ደግሞ ከቁጥር ማጠጋጋት ያለፈ ነው። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ መካከል ወሰን ሲካለል፣ ቀጥሎም በከተማዋ ዙሪያ ሸገር ከተማ ሲደራጅ፣ በዳር ያለ መሬት በየትኛው ከተማ ሒሳብ እንደሚገባ ተቀይሯል። የዳር መሬት ደግሞ ባብዛኛው ማሳ ነው። ወደ ምሳሌያችን ከተማ እንመለስና ከ500ው ላይ 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ማሳ በወሰን ለውጥ ይውጣ። እርሻው 123 በ480፣ ማለትም 25.6 በመቶ ይሆናል። የተገነባው ያው 241.9 ሆኖ ሳለ ድርሻው ከ48.4 ወደ 50.4 ከፍ ይላል። አንድም መሠረት ሳይቆፈር፣ አንድም ብሎኬት ሳይነሣ «ከተማዋ ከግማሽ በላይ ተገነባች» ለማለት በቃን። ድርሻ በሁለት ዘመን ሲነጻጸር ሁለቱም በአንድ ወሰን መሰላት አለባቸው፤ የቱ ወሰን እንደተመረጠ ከመነገሩ ይበልጥ አንድ መሆኑ ይቀድማል።

በክፍለ ከተማ ሲወርድ ሌላ ስሕተት ይመጣል፣ ይህ እንኳ ቶሎ የሚታይ ነው። አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ከ10 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፤ አቃቂ ቃሊቲ ከ100 ይበልጣል። የየክፍለ ከተማውን መቶኛ ደምሮ ለብዛታቸው ማካፈል ጠባቡንና ሰፊውን እኩል ያደርጋል። 7 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 2 በመቶ፣ 118 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 40 በመቶ አረንጓዴ ቢኖር ተራው አማካይ 21 ነው፤ እውነቱ ግን ወደ 38 ይጠጋል።

ሄክታሩን ማን፣ በምን አስልቶ እንዳወጣው መጠየቅም አይከፋም። በድረ ገጽ ካርታዎች የተለመደው EPSG:3857 የተባለው የካርታ ሥርዓት ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር ስፋትን ይነፋል፤ በአዲስ አበባ ኬክሮስ፣ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ፣ ንፋቱ 3 በመቶ ገደማ ነው። 527 የነበረው 543 ሆኖ ይወጣል። (540 የሚለው ቁጥር ከዚህ መጣ ማለታችን አይደለም።) መቶኛው አይነካም፣ ከተማው ሁሉ በእኩል ስለተነፋ፤ ሄክታሩ ግን ይሳሳታል፣ በሄክታር ተሰልቶ የሚከፈል ካሳ ካለ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ለከተማዋ የሚሆነው EPSG:32637 ወይም በአገራችን አሮጌ የቅየሳ ሥራ ላይ የተለመደው አዲንዳን፣ EPSG:20137 ነው። እነዚህን ሁለቱንም ማደባለቅ አይገባም፤ አንዱ ካርታ ከሌላው በብዙ ሜትር ተንሸራትቶ ይቀመጥና የመንገዱ ዳር ሁሉ «ለውጥ» መስሎ ይታያል።

ለውጥን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ። የመጀመሪያው፣ የወርልድ ከቨር የ2020 እና የ2021 ካርታዎች የተሠሩት በተለያየ የአሠራር እትም ነው፤ አንዱን ከሌላው ቀንሶ «በአንድ ዓመት ይህን ያህል እርሻ ጠፋ» ማለት የካርታውን መሻሻል ከከተማው መለወጥ ጋር ያደባልቃል፤ አዘጋጆቹም ራሳቸው ይህን አስጠንቅቀዋል። ሁለተኛው የእኛው የቤት ጣጣ ነው። «የ2013 ካርታ» ሲባል በየትኛው አቆጣጠር ነው? በ2013 ዓ.ም. ጥር የተነሣ ምስል በአውሮፓውያኑ 2021 መጀመሪያ ላይ ነው። የፋይሉ ስም 2013 ብቻ ከሆነና የሚቀጥለው ባለሙያ በአውሮፓ አቆጣጠር ካነበበው ምስሉ በአንድ ጊዜ 8 ዓመት ያረጃል። በሁለት ዓመት የተገነባው በ10 ዓመት እንደተገነባ ተቆጥሮ የመስፋፋቱ ፍጥነት ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። በፋይሉም በሠንጠረዡም ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

በመጨረሻ የሠንጠረዡን የታችኛውን ረድፍ ማየት ነው። ድርሻዎቹ ሁልጊዜ 100 ይመጣሉ፤ ብዙ ጊዜ እንዲመጡ የሚያደርጋቸው «ሌላ» የሚለው ረድፍ ነው። ታጥሮ የተቀመጠው፣ ፈርሶ ያልተሠራው፣ የተቆፈረው፣ የትም ያልገባው እዚያ ይከማቻል። «ሌላ» 1 ወይም 2 በመቶ ከሆነ ያልፋል። 10 በመቶ ከሆነ ግን በ527ቱ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 5,270 ሄክታር ነው፤ ያ ሠንጠረዥ የተገነባው 40፣ አረንጓዴው 30 ቢል፣ እነዚያ ሄክታሮች ወደ የትኛው ቢጨመሩ ምን እንደሚመጣ አዘጋጁን ሳይጠይቁ ቁጥሩን ወደ ሌላ ሪፖርት ማሻገር አይቻልም።